ኤርፖዱ ላይ የሚታየው ክፍል

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ኖኪያ ሉሚያ 920 የተባለውን ስልክ ኒው ዮርክ ላይ ሲያስተዋውቅ አንድ አጭር ቪዲዮ አብሮ ለቀቀ። አንዲት ወጣት በውሃ ዳር ብስክሌት ትነዳለች፤ አብሯት የሚነዳው ወጣት ደግሞ በስልኩ ይቀርጻታል። ማስታወቂያው የስልኩ ካሜራ የእጅ መንቀጥቀጥን እንዴት እንደሚያረጋጋ ለማሳየት የተሠራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የአንዳንድ ተመልካቾች ዓይን ልጅቷን ትቶ ከኋላዋ ባለፈው ተጎታች ቤት መስኮት ላይ አረፈ። መስታወቱ ላይ ብስክሌተኛ ወጣት የለም። የሚታየው ነጭ መኪና ነው፤ በመኪናው በር ላይ ትልቅ ካሜራ የያዘ ሰው ቆሟል። ኖኪያ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ቪዲዮው በስልኩ እንዳልተቀረጸም አመነ።

ያ ማስታወቂያ የተጋለጠው በነጸብራቅ ነው። ስልክ፣ ኤርፖድ፣ ስማርት ሰዓት የሚያነሱ ባለሙያዎች ሥራ አብዛኛው ከዚሁ ነገር ጋር መታገል ነው፤ የሚያብለጨልጭ ዕቃ ዙሪያውን ያለውን ሁሉ፣ ካሜራውንም አንሺውንም ጭምር፣ ይዞ ይወጣል። ዛሬ ይህ ትግል ወደ ጽሑፍ ተሸጋግሯል። ሚድጆርኒ፣ ስቴብል ዲፊውዥን፣ ፋየርፍላይና መሰሎቻቸው የተባሉት ምስል ፈጣሪ ሥርዓቶች ከ2022 ወዲህ በሰፊው ሲዳረሱ፣ ስቱዲዮ ያልረገጠ ሰው ሁሉ ፕሮምፕት ጽፎ የምርት ፎቶ ማውጣት ጀመረ። በተለይ የሚፈለገው በሙያው ሂሮ ሾት የሚባለው ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ከሁሉ በላይ ገዝፎ የሚቀመጠው፣ ዕቃው ብቻውን እንደ ጌጥ የሚታይበት ዋና ምስል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚጽፈው ፕሮምፕት ይህን ይመስላል፦

```
luxury wireless earbuds, stunning, cinematic,
ultra realistic, 8k, award winning
```

እዚህ ውስጥ ስለ ብርሃን አንድም ቃል የለም። ቅንጡ፣ አስደናቂ፣ ተሸላሚ እየተባለ ዕቃው ተሞገሰ እንጂ የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደሚያበራበት፣ ካሜራው ከየት እንደሚያየው አልተነገረም። የሚወጣው ምስል በመጀመሪያ እይታ ያምራል። ጠጋ ብሎ ለሚያየው ግን ግራው ኤርፖድ ላይ ሦስት ነጭ ነጠብጣብ፣ ቀኙ ላይ ሰማያዊ ጭረት፣ ከስር ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወርቃማ ጭጋግ አለ። ሥርዓቱ ክፍሉን ስላልተነገረው ክፍሉን ከራሱ ፈጥሯል፤ ያውም በአንዱ ጥግ አንድ፣ በሌላው ጥግ ሌላ ክፍል።

ስለዚህ ጥሩ ፕሮምፕት የሚጀምረው ከዕቃው ሳይሆን ከዕቃው ፊት ለፊትና ዙሪያ ካለው ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ፊዚክስ ይበቃል።

ሸካራ ነገር፣ ለምሳሌ ጋቢ ወይም ያልተቀባ እንጨት፣ የመታውን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትናል። መብራቱ ከየትም ይምጣ ጨርቁ ጨርቅ ሆኖ ይታያል። ለስላሳ ፕላስቲክና መስታወት ግን ከገጻቸው የሚመልሱት ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ በሌላው ወገን ይወጣል። ካሜራው ያንን ብርሃን የሚያየው በትክክለኛው ማዕዘን ላይ ከቆመ ብቻ ነው። ፊል ሀንተር፣ ስቲቨን ቢቨርና ፖል ፉኳ የጻፉት «ላይት፦ ሳይንስ ኤንድ ማጂክ» የተባለው የፎቶ ብርሃን መማሪያ ይህን «የማዕዘን ቤተሰብ» ይለዋል፤ ከካሜራው አንጻር በዕቃው ገጽ ላይ ሊንጸባረቁ የሚችሉ ቦታዎች ስብስብ ማለት ነው። መብራት በዚያ ቦታ ውስጥ ካለ ዕቃው ላይ ይታያል፤ ከዚያ ውጭ ካለ የቱንም ያህል ቢበረታ ያ አንጸባራቂ ገጽ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ኤርፖድን የሚያከብደው ቅርጹ ነው። ስልክ ጠፍጣፋ በመሆኑ የሚያንጸባርቀው አንድ ጠባብ ቦታ ነው። ኤርፖድ ግን እንደ ማንኪያ ጀርባ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ክፍሉን ከነጣሪያው፣ ከነመስኮቱ፣ ከነሰውየው አሳንሶ ሰብስቦ ያሳያል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ዕቃ ለማንሳት የሰው ቁመት የሚያህል ነጭ ጨርቅ የሚወጥሩት። ጨርቁ ዕቃውን ለማብራት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ዕቃው ላይ እንዲታይ የተፈለገው ነገር እሱው ነው። ነጭ ጨርቅ ባለበት ነጭ መስመር፣ ጥቁር ካርቶን ባለበት ጥቁር መስመር ይወጣል። ንጹህ ነጸብራቅ የሚባለውም ዕቃው ላይ የሚታዩት ነገሮች ጥቂት፣ ሰፊና የታሰበባቸው ሲሆኑ ነው።

ምስል ፈጣሪው ሥርዓት ይህን ሁሉ አያሰላም። በውስጡ መብራት የለም፤ ብርሃን ከገጽ ወደ ካሜራ ሲሄድ የሚከተል ስሌትም አያካሂድም። የሚያደርገው ከብዙ ሚሊዮን ፎቶዎችና ከመግለጫ ጽሑፎቻቸው የተማረውን ዝምድና ተከትሎ፣ ከተዘበራረቀ ነጠብጣብ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ምስል ማጥራት ነው። ነገር ግን ከተማራቸው ፎቶዎች መካከል በሥርዓት የበሩ የስቱዲዮ ሥራዎች አሉ፤ እነዚያን ፎቶዎች የሚገልጹ ጽሑፎችም የስቱዲዮውን ቋንቋ ይናገራሉ። ሶፍትቦክስ፣ ጥቁር አክሪሊክ፣ ማክሮ ሌንስ የሚሉ ቃላት ምስሉን ወደዚያ ጎራ ይስቡታል። «አስደናቂ» የሚለው ቃል ግን ከፀሐይ መጥለቂያም፣ ከሠርግ ልብስም፣ ከተራራም ጋር ስለተጻፈ የትም አያደርስም። በዚያ ላይ ቦታ ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ የስቴብል ዲፊውዥን ሞዴሎች ጽሑፍ የሚያነቡበት ክፍል በአንድ ጊዜ 77 ቶክን፣ ማለትም የቃል ቁራጭ፣ ብቻ ነበር የሚቀበለው። መጀመሪያው በውዳሴ ከተሞላ ስለ ብርሃኑ የተጻፈው መጨረሻ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። የኋለኞቹ ሥርዓቶች ረዘም ያለ ጽሑፍ ያነባሉ፤ ቢሆንም ቃል መቆጠብ ያኔም አሁንም ይጠቅማል።

አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታይ። ዕቃው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ኤርፖድ ነው፤ ከተዘጋ መያዣው አጠገብ ቆሟል። የተፈለገው በጨለማ ውስጥ ጠርዙ ብቻ በብርሃን ተስሎ፣ ከስሩ ነጸብራቁ እንዲታይ ነው። ፕሮምፕቱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

```
Product photo of one glossy black wireless earbud
standing beside its closed charging case, on a sheet
of black acrylic, plain dark grey background.
Camera just above table height, 100mm macro lens.
One large softbox overhead behind a diffusion sheet,
making one soft highlight that fades to black.
Two narrow strip softboxes behind, left and right,
drawing a thin unbroken line along both edges.
Single sharp reflection below, fading toward the camera.
```

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የዕቃው ውበት አልተነሳም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን በስቱዲዮ ውስጥ የሆነ ሰው ተነስቶ የሚያደርገው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ጥቁሩ አክሪሊክ ነው። «ነጸብራቅ ይኑረው» የተባለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው መስታወት ነው፤ የመልክ መስታወት ግን ብር የተቀባው ከጀርባው በመሆኑ ሁለት ጊዜ ይመልሳል፣ አንዴ ከላይኛው ገጽ ደብዘዝ ብሎ፣ አንዴ ከጀርባው ደምቆ። ዕቃውና ነጸብራቁም በመስታወቱ ውፍረት ምክንያት አይነካኩም፤ በመካከላቸው ክፍተት ይታያል። ጥቁር አክሪሊክ ወደ ውስጥ የገባውን ብርሃን ስለሚውጠው ነጸብራቁ ከላይኛው ገጽ ብቻ ይመጣል፤ አንድ ነው፣ ስል ነው፣ ከዕቃው እግር ይነሳል። ፕሮምፕት ላይ «መስታወት» ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ የመታጠቢያ ቤት ሽታ ያለው ምስል ያመጣል፤ ይህ የጸሐፊው ግምት ሊባል ቢችልም ሞክሮ ያየ ሰው ብዙም አይከራከርም።

ሁለተኛው የካሜራው ከፍታ ነው፤ ጀማሪዎች ፈጽሞ የሚረሱትም እሱን ነው። አክሪሊክን ቀጥ ብሎ ከላይ ለሚያየው የሚመልሰው ከመጣው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። እይታው ወደ ጠረጴዛው ዝቅ ባለ ቁጥር ግን የሚመለሰው እየበዛ ይሄዳል። ካሜራው ከኤርፖዱ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከጠረጴዛው 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል እንበል። ኤርፖዱ ከጠረጴዛው ጋር በሚነካካበት ቦታ ላይ እይታው ከጠረጴዛው 10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ በዚያ ማዕዘን አክሪሊኩ ከመጣው ብርሃን ወደ 39 በመቶ ይመልሳል። የኤርፖዱ ጫፍ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው፣ የሚንጸባረቀው ግን ወደ ካሜራው ቀረብ ባለ ቦታ ነው፤ እዚያ ማዕዘኑ ወደ 14 ዲግሪ ስለሚያድግ የሚመለሰው ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። ነጸብራቁ ወደ ተመልካቹ ሲመጣ ቀስ እያለ የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። የፕሮምፕቱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይህንኑ ይጠይቃል። ከላይ የሚያይ ካሜራና የደመቀ ነጸብራቅ በአንድ ፕሮምፕት ከተጠየቁ ሥርዓቱ ሁለቱንም ለማስደሰት ይሞክራል፤ ተመልካች ስሙን ባያውቀውም የሆነ ነገር እንዳልገጠመ ይሰማዋል።

ቀጥሎ የጠርዝ ብርሃን፣ በስቱዲዮ ሰዎች አጠራር ሪም ላይት፣ አለ። ጥቁር ዕቃ ጥቁር መደብ ላይ ሲቀመጥ ቅርጹ ይጠፋል፤ የሚያድነው ከኋላ በግራና በቀኝ የሚቆም መብራት ነው። እዚህ ላይ «ጠርዙ ይብራ» ብሎ መተው አይበቃም፤ ብርሃኑ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው መነገር አለበት። ምክንያቱም በሚያብለጨልጭ ዕቃ ላይ ያ ቀጭን ነጭ መስመር የመብራቱ ምስል ነው። መብራቱ ረጅምና ጠባብ ሶፍትቦክስ ከሆነ መስመሩ ረጅም፣ ጠባብና ያልተቆረጠ ይሆናል። አምፖል ከሆነ መስመር የለም፤ ነጥብ ነው። ፕሮምፕቱ ውስጥ ጠባብ ሶፍትቦክስ የሚለው ከመስመሩ ጋር አብሮ የተጻፈው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሰበቡ፣ ሌላው ውጤቱ ሲሆን ሁለቱ ሲስማሙ ሥርዓቱ የሚስተው ያንሳል። የኤርፖዱ ገጽ ደብዛዛ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ሰፍቶና ለስልሶ ይታይ ነበር፤ ስለዚህ ዕቃው የሚያብለጨልጭ መሆን አለመሆኑም መነገር ያለበት ገና ከመጀመሪያው ነው።

ከላይ ያለው ትልቁ ሶፍትቦክስ በጨርቅ የተሸፈነውም በከንቱ አይደለም። ሶፍትቦክስ ብቻውን ኤርፖድ ላይ ጠርዙ የተቆረጠ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዳንድ አንሺ ይህን ይወደዋል። በመካከል ጨርቅ ሲገባ ግን መሃሉ ደምቆ ዳሩ ወደ ጨለማ የሚቀልጥ ብርሃን ይገኛል። የዕቃውን ጉብታ ለዓይን የሚናገረው ያ ሽግግር ነው።

ነጭ ኤርፖድ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። አፕል የመጀመሪያዎቹን ኤርፖዶች በ2016 መጨረሻ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነጭ በነጭ ላይ ማሳየት የተለመደ ሆኗል፤ ከማስታወቂያ ሁሉ ግን ከባዱ ይኸው ነው። ነጭ መደብ ላይ ያለ ነጭ ዕቃ በነጭ የጠርዝ ብርሃን አይለይም፤ ጭራሽ ይሟሟል። ባለሙያው ከዕቃው ግራና ቀኝ፣ ከምስሉ ክልል ትንሽ ወጣ አድርጎ ጥቁር ካርቶን ያቆማል። ካርቶኑ በዕቃው ጎን ላይ ስስ ግራጫ መስመር ሆኖ ይንጸባረቃልና ቅርጹ ይወጣል። ፕሮምፕት ላይም የሚጠየቀው ብርሃን ሳይሆን ጨለማ ነው፦

```
Black cards just outside the frame on both sides,
giving the white plastic a thin dark edge.
```

ስልክ ላይ ሲመጣ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጠፍጣፋ መስታወት ጠባብ ቦታ ብቻ ስለሚያንጸባርቅ፣ ነጭ ነገር ያንን ቦታ ከሞላው ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ይነጣል፤ ካልነካው ደግሞ ሙሉ ጥቁር ይሆናል። የስልክ ማስታወቂያዎች ላይ የሚታየው ከአንዱ ጥግ ተነስቶ ወደ ሌላው የሚጠፋ ግራጫ ብርሃን የሚገኘው፣ ከነጭ ጨርቅ ጀርባ ያለውን መብራት ወደ አንድ ጎን በማስጠጋት ነው። ስክሪኑ ላይ የሚበራው ምስል ግን ብዙውን ጊዜ ለብቻው ይነሳና በኋላ ይጣመራል፤ ስቱዲዮውን የሚያበራ ብርሃን የስክሪኑን ቀለም ያጠፋዋልና። ፕሮምፕት የሚጽፍ ሰውም ይህን መንገድ ቢከተል ይሻለዋል፦

```
Screen off, plain black glass, reflecting one smooth
gradient from light grey at top left to black.
Metal frame, one thin strip light along the right edge.
```

ስክሪኑ ጠፍቶ ይወጣል፤ የስልኩ እውነተኛ ስክሪን ቅጂ በፎቶ ማስተካከያ ይለጠፍበታል። ሥርዓቱ ራሱ ስክሪኑን እንዲሞላ ከተተወ አዶዎቹ ይቀልጣሉ፤ ፊደላቱም ይጣመማሉ። የላቲን ፊደል ላይ ሥርዓቶቹ ብዙ ተሻሽለዋል። የግዕዝ ፊደል ላይ ግን ብዙዎቹ እግርና ቀለበት እያማቱ ፊደል የሚመስል ነገር ስለሚስሉ፣ አማርኛ ጽሑፍ ሁልጊዜ በኋላ በእጅ ቢገባ ይመረጣል። የአፕል ስልኮች በማስታወቂያ ላይ ለዓመታት 9:41 ሰዓት ሲያሳዩ መኖራቸውም ስክሪኑ በታሰበበት መንገድ የሚሞላ ቦታ መሆኑን ያሳያል።

አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ንጽህና የፈለገ ሰው «የጣት አሻራ አይኑር፣ አቧራ አይኑር» ብሎ ይጽፋል። ብዙ ምስል ፈጣሪዎች «አይኑር» የሚለውን አጥርተው አይይዙም፤ የሚይዙት «የጣት አሻራ» የሚለውን ነው። በዚህም የተከለከለው ነገር ተጋብዞ ይመጣል። መፍትሔው የሚፈለገውን በቀጥታ መናገር ነው፦ የተወለወለ፣ ወጥ የሆነ ገጽ። የሚከለከል ነገር ካለ ሥርዓቱ ለዚሁ ያዘጋጀውን ቦታ መጠቀም ይገባል፤ ስቴብል ዲፊውዥን የተለየ የክልከላ ሳጥን አለው፣ ሚድጆርኒ ደግሞ ከፕሮምፕቱ መጨረሻ እንዲህ ይጻፍለታል፦

```
--no text, logo, hands --ar 4:5 --seed 120
```

መሃል ያለው የምስሉን ቁመትና ስፋት ይወስናል። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ሥርዓቱ የሚነሳበትን የነጠብጣብ መደብ ያጸናል፤ ቁጥሩ ራሱ የትኛውም ሊሆን ይችላል። ጥቅሙ ለማነጻጸር ነው። ቁጥሩ ሳይቀየር ከፕሮምፕቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ሁለቱ የጠርዝ መብራቶች አንድ ሲሆኑ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሠራ ይታያል። ሁሉንም በአንዴ የሚለዋውጥ ሰው መልካም ምስል ሊያገኝ ይችላል፤ ለምን መልካም እንደሆነ ግን አያውቅም።

ምስሉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ምርመራ ነው። በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነው ሀኒ ፋሪድ የተጭበረበሩ ምስሎችን በመለየት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጽሑፍ የተፈጠሩ ምስሎችን በጂኦሜትሪ ሲመረምር ጥላቸውና ነጸብራቃቸው ብዙ ጊዜ ከፊዚክስ ሕግ ጋር እንደማይገጥም አሳይቷል። ሥርዓቶቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ የመመርመሪያው ዘዴ ግን ዛሬም ይሠራል፤ ለኤርፖድ ምስልም በማስመሪያ ብቻ ይበቃል።

ካሜራው ወደ ጎንም ወደ ላይም ወደ ታችም ካላዘነበለ፣ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ነጸብራቁ ከራሱ በቀጥታ ስር መውደቅ አለበት። የኤርፖዱን ጫፍ ከነጸብራቁ ጫፍ፣ የመያዣውን ማዕዘን ከነጸብራቁ ማዕዘን የሚያገናኙ መስመሮች ሲሰመሩ ሁሉም ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ነጸብራቁ ፈጠራ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ረቀቅ ይላል፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም እሱን ነው። ነጸብራቅ የዕቃው ምስል ተገልብጦ የተለጠፈ አይደለም። ጠረጴዛው ስር ሆኖ ወደ ላይ የሚያይ ካሜራ የሚያገኘው እይታ ነው። ስለዚህ ነጸብራቁ ላይ ከዕቃው ሆድ የበለጠ፣ ከአናቱ ያነሰ መታየት አለበት። የመያዣው ክዳን አናት በምስሉ ላይ ከታየ በነጸብራቁ ላይ መታየት አይችልም። ሥርዓቶቹ እዚህ ጋ ደጋግመው ይወድቃሉ፤ ክዳኑን ከነብርሃኑ ገልብጠው ይለጥፉታል። ልምድ የሌለው የፎቶ አስተካካይም እንዲሁ ያደርጋል፤ ጥፋቱ የማሽን ብቻ አይደለም።

ከዚያ የብርሃኑ ዝምድና ይታያል። ሁለት ኤርፖዶች ጎን ለጎን ካሉ ከላይ ያለው ሶፍትቦክስ በሁለቱም ላይ በተቀራራቢ ቦታና ቅርጽ መውጣት አለበት። አንዱ ላይ አራት ማዕዘን፣ ሌላው ላይ ክብ ከሆነ ክፍሉ ሁለት ሆኗል ማለት ነው። ጥቁር አክሪሊክ ላይ ጎልቶ የሚታይ ጥላ ካለም ጥርጣሬ ይገባል፤ ጥላ የሚታየው ብርሃን በሚበትን ገጽ ላይ ነው፣ ጥቁርና የተወለወለ ገጽ ግን ከነጸብራቅ ሌላ የሚያሳየው ጥቂት ነው። በመጨረሻ ዕቃው ራሱ ይታያል። ግራና ቀኝ ኤርፖድ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል መሆን ሲገባው ብዙ ጊዜ ሁለት ግራ ይወጣል፤ የድምፅ ቀዳዳዎቹም በቁጥርም በቦታም ይለያያሉ።

ይህ የመጨረሻው ስህተት ከውበት ያለፈ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ስልክና ኤርፖድ በቴሌግራም ቻናል የሚሸጥ ነጋዴ ከጽሑፍ ያወጣውን ምስል ሲለጥፍ፣ የሚያሳየው እሱ ጋ ያለውን ዕቃ አይደለም። የሌለ ቁልፍ፣ የሌለ የካሜራ ሌንስ፣ ብረት የመሰለ ፕላስቲክ ሊኖርበት ይችላል። የኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ምስሉን ማን ወይም ምን እንደሠራው ለገዢው ልዩነት የለውም። ለአንድ የተወሰነ ምርት ምስል የሚፈልግ ሰው ሥራውን ከእውነተኛ ፎቶ ቢጀምርና ምስል ፈጣሪውን ለጀርባው ብቻ ቢጠቀምበት ይሻላል። ዕቃው ተከልሎ ይቀመጣል፤ የሚለወጠው ዙሪያው ነው።

ያኔ ግን ነጸብራቁ እንደገና ይመጣል። እውነተኛው ኤርፖድ የተነሳበትን ሱቅ፣ ከነመደርደሪያውና ከነጣሪያ አምፖሉ፣ ገጹ ላይ ይዞታል። ከኋላው የተሠራው የጨለማ ስቱዲዮ የቱንም ያህል ቢያምር ኤርፖዱ ላይ ያለው አምፖል አይጠፋም። ስለዚህ ፎቶው ሲነሳ ክፍሉ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የጣሪያው መብራት ይጠፋል። በመስኮቱ ላይ ነጭ አንሶላ ይወጠራል፤ ይህ ትልቁ ሶፍትቦክስ ነው። በተቃራኒው ጎን ጥቁር ካርቶን ይቆማል። አንሺው ጠቆር ያለ ልብስ ይለብሳል፤ ነጭ ሸሚዝ ኤርፖድ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣልና። ከዚያ በኋላ ለጀርባው የሚጻፈው ፕሮምፕት ብርሃኑ አንሶላው ካለበት ጎን እንደሚመጣ መናገር አለበት፤ መስኮቱ በግራ ከነበረ በግራ።

ከስር ለሚታየው ነጸብራቅም በሥርዓቱ ላይ ከመታመን እዚያው ማንሳት ይቀላል። ጥቁር አክሪሊክ ያላገኘ ሰው የጠፋ ታብሌት ስክሪን ላይ ኤርፖዱን ማቆም ይችላል፤ ለአንድ ኤርፖድና ለመያዣው የሚበቃ ጥቁር መስታወት ነው። ስክሪኑ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በዝቅተኛ ማዕዘን ሲታይ እያንዳንዷ የአቧራ ቅንጣት ከነጸብራቋ ጋር ሁለት ሆና ትወጣለችና።